ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ልደቱን መቼ ይቁጠር?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የጨፋን ሸለቆ ታክካ በተቀመጠችው ከሚሴ አንዲት ልጅ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተወለደች እንበል። በማግስቱ አገሩ ሁሉ 2000 ዓመተ ምሕረትን ተቀበለ። ልጅቷ ግን የተወለደችበት ቀን ተመልሶ እስኪመጣ 4 ዓመት ጠበቀች። ጳጉሜን 6 የሚውለው በየ4 ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ለእሷም የመጣው በ2003፣ በ2007፣ በ2011 እና በ2015 ብቻ ነው፤ ቀጣዩ በ2019 ይሆናል። አሥራ ስምንተኛ ዓመቷ ያለቀው በ2017 መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ግን ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበራት።

ታዲያ ይህች ልጅ መታወቂያ ልታወጣ፣ ልትመርጥ ወይም በሕግ ፊት ልታገባ ዕድሜዋ ደርሷል የሚባለው በየትኛው ቀን ነው? ጳጉሜን 5 ወይስ መስከረም 1? ኬኩ የሚቆረሰውስ መቼ ነው? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ የላቸውም፤ የሚፈጠረው ችግርም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። የሚከተለው መመሪያ በዚያ ቀን ለተወለዱ፣ ልጅ ለወለዱ፣ ለተጋቡና ውል ለተፈራረሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የጤና ተቋሙ የሰጠው የልደት ማሳወቂያ ወይም የውሉ ሰነድ፣ እንዲሁም ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያተመ የግድግዳ ካላንደር ነው።

1. ቀኑ በእርግጥ ጳጉሜን 6 መሆኑን ማረጋገጥ

መጀመሪያ ዓመቱን ለ4 ያካፍሉ። ቀሪው 3 ከሆነ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ አልነበራትም። 1999 ለ4 ሲካፈል 499 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ ቀኑ አለ። 1998 ግን 2 ይተርፈዋል። በሰነድዎ ላይ «ጳጉሜን 6 ቀን 1998» ተጽፎ ከሆነ እንዲህ ያለ ቀን አልዋለም ማለት ነው፤ ወይ ዓመቱ ወይ ቀኑ ተሳስቷል። ይህን ስህተት ዛሬ በቤትዎ ቢያገኙት የሚሻለው፣ በኋላ ፓስፖርት ሲጠይቁ ኮምፒውተሩ አልቀበልም ብሎ ሰነዱን ከመለሰው ጉዳዩ ከሌላ ቀጠሮ ጋር ስለሚገጥም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓቱ ነው። በሸለቆው ሦስት ዓይነት የቀን አቆራረጥ አብረው ይኖራሉ። በአማርኛው የሰዓት አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት በመሆኑ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ልጅ ለብዙ ሰው ገና የትናንቱ ሌሊት ልጅ ነው። በጤና ተቋም መዝገብ ላይ ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ያው ልጅ የማግስቱ ቀን ልጅ ይሆናል። በእስልምና ደግሞ ሌሊት ከቀኑ ይቀድማል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ምሽት የሚቆጠረው ለነገ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከምሽቱ 2 ሰዓት የተወለደን ልጅ አያቱ «የማክሰኞ ሌሊት ልጅ ነው» ቢሉ ትክክል ናቸው፣ የሆስፒታሉ ወረቀት «ሰኞ» ቢልም ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው አያት «ማክሰኞ» ያሉትን ሰምቶ አባት ቀበሌ ሄዶ «መስከረም 1» ብሎ ሲያስመዘግብ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጤና ተቋሙን ቀን ይያዙ፣ ሰዓቱንና ዕለቱን አብረው ይጻፉ።

ልጁ በቤት ተወልዶ ወረቀት ከሌለስ? ያኔ ዕለቱ ምስክር ይሆናል። የቅርብ ጊዜዎቹ የጳጉሜን 6 ቀኖች የዋሉባቸው ዕለታት እነዚህ ናቸው፦ በ1999 ማክሰኞ፣ በ2003 እሑድ፣ በ2007 ዓርብ፣ በ2011 ረቡዕ፣ በ2015 ሰኞ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ «ባቲ ገበያ በዋለበት ቀን ወለድኩት» ያለች እናት ስለ 2015 ጳጉሜን የምትናገር ከሆነ ቀኑ ጳጉሜን 6 ነው። «በገበያው ማግስት» ካለች መስከረም 1 ቀን 2016 ነው። የ2007ቱን የሚያስታውስ ሌላ ምልክትም አለ፤ በመካ ታላቁ መስጊድ ክሬን ወድቆ ከ100 በላይ ሰዎች የሞቱበት ዓርብ ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ነበር። በዚያ ቀን ቤተሰቡ ዜናውን ሲሰማ ልጁ ተወልዶ ነበር ወይስ አልተወለደም ብሎ መጠየቅ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

2. የፈረንጁን ቀን አንድ ጊዜ አውጥቶ መጻፍ

ይህ እርምጃ የቀረውን ሁሉ የሚያቀል ስለሆነ አይዝለሉት። ጳጉሜን 6 ዛሬ በሕይወት ላሉት ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ሴፕቴምበር 11 ነው። የ1999ዋ ልጅ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ተወለደች፤ የ2015ቱ ልጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ተወለደ። ሴፕቴምበር 11 ደግሞ በየዓመቱ ያለ ቀን ነው። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ያ ቀን መስከረም 1 ላይ ይውላል። በአሜሪካ ሕንፃዎቹ የፈረሱበት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እዚህ የ1994 ዕንቁጣጣሽ ነበር፤ ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው ስሌቱን በአእምሮው ይዞታል።

በአጭሩ፣ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው በቀበሌ መዝገብ ቀኑ በየ4 ዓመቱ የሚመጣ ሲሆን በፓስፖርቱ ላይ ግን እንደማንኛውም ሰው ዓመታዊ ልደት አለው። ሁለቱ የሚገናኙት መስከረም 1 ላይ ነው። ይህ ነጥብ በኋላ የሕግ ዕድሜን ስንቆጥር ይመለሳል።

እዚህ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም በከሚሴ አካባቢ በቀላሉ የሚያጋጥሙ። አንደኛው ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ መጥራት ነው። በኦሮምኛ ያው ችግር አለ፤ ፉልባና ሲባል አንዱ የሐበሻውን መስከረም፣ ሌላው የፈረንጁን ሴፕቴምበር ያስባል። ከሚሴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ አንድ ሰነድ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ «ፉልባና 11» በቀላሉ «መስከረም 11» ይሆናል፤ ልጁም በአንድ ምሽት በ11 ቀን ያንሳል። ስለዚህ ከቀኑ ጎን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ መጻፉን ሳያዩ ፊርማ አያኑሩ።

ሁለተኛው ስህተት በቁጥር ብቻ መጻፍ ነው። 09/11/2007 ለአንዱ ሴፕቴምበር 11፣ ለሌላው ኖቬምበር 9 ነው። ቅጹ ከፈቀደ ወሩን በፊደል ያስጽፉ። የፋይዳ መታወቂያ የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚያሳይ፣ ካርዱ እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነጻጽሩት እነዚህን ሁለት ቀኖች ይሁን፤ ጳጉሜን 6 ካለ ጎኑ ያለው ሴፕቴምበር 11 መሆን አለበት። 10 ወይም 12 ካዩ አንድ ሰው በመሃል ተሳስቷል።

3. ልደቱን በእውነተኛው ቀን ማስመዝገብ

በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጳጉሜን 6 ለተወለደ ልጅ ይህ ቁጥር ለመያዝ እጅግ የቀለለ ነው፤ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ ዘጠናኛው ቀን ኅዳር 30 ላይ ያርፋል። የጤና ተቋሙን የልደት ማሳወቂያና የወላጆችን መታወቂያ ይዘው በመኖሪያ ቀበሌዎ ወዳለው ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ከሸለቆው ወለል ከሚገኙ ቀበሌዎች የሚመጡ ሰዎች መንገዱ ከደረቀበት ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ቢያስቡት ይመቻቸዋል፤ ኅዳር መጨረሻን መጠበቅ ግን አያዋጣም።

በጽሕፈት ቤቱ ሊያጋጥም የሚችለው ፈተና ምክር ነው። «በየዓመቱ እንዳይቸገር ጳጉሜን 5 እንበለው» ወይም «መስከረም 1 ብናደርገው ያምራል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ምክሩ ከቤተሰብም ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ኮምፒውተሩ ሲሆን ቅጹ ጳጉሜንን ከ5 በላይ አይቆጥርም። ቀኑን በፍጹም አያስለውጡ። ለማክበር የሚመች ቀን መምረጥ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ የተወለዱበትን ቀን መለወጥ ግን ሐሰተኛ መረጃ ማስመዝገብ ነው። ውጤቱም የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ የሆስፒታሉ ወረቀት ሴፕቴምበር 11፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ሴፕቴምበር 10፣ የክትባት ካርዱ ደግሞ ሌላ ቀን ይዘው ሦስት ልጆች ይመስላሉ። ያኔ ማስተካከል የሚቻለው በማስረጃ ነው፣ ፍርድ ቤት ድረስም ሊያስኬድ ይችላል።

ቅጹ እምቢ ካለ የፈረንጁን ቀን እንዲያስገቡ ይጠይቁ። ሴፕቴምበር 11 በማንኛውም ቅጽ ላይ ያለ ቀን ነው። ከዚያ የሐበሻው ቀን በሚታተመው ወረቀት ላይ ምን ሆኖ እንደወጣ አይተው ይቀበሉ። ዓመቱም ይታይ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መሆን ሲገባው «መስከረም 1 ቀን 2016» ሆኖ ከታተመ ልዩነቱ አንድ ቀን ቢሆንም ዕድሜው በዓመተ ምሕረት ሲቆጠር አንድ ዓመት ዝቅ ብሏል። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ዕድሜ የሚቆጠረው ዓመተ ምሕረቱን በመቀነስ ብቻ ከሆነ ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ልጁን አንድ ዓመት ሊያስቀምጠው ይችላል።

4. የሕግ ዕድሜ መቼ እንደሚሞላ ማስላት

አሁን ወደ ከሚሴዋ ልጅ እንመለስ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ወንድም ሴትም ለማግባት 18 ዓመት ሊሞላቸው ይገባል። ቁልፉ «ሊሞላ» የሚለው ቃል ነው። ልጅቷ የተወለደችበትን ቀን ትተን ከማግስቱ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2000 መቁጠር ብንጀምር፣ 2000 የመጀመሪያዋ፣ 2001 ሁለተኛዋ እያለ ይሄድና 2017 አሥራ ስምንተኛዋ ሙሉ ዓመት ትሆናለች። ያቺ ዓመት የምታልቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ሲያበቃ ነው። ስለዚህ በጳጉሜን 5 ውስጥ አሥራ ስምንተኛው ዓመት ገና እያለቀ ነው፤ ያለ ጥርጥር 18 ሞልቷታል የሚባለው መስከረም 1 ቀን 2018 ነው። የፈረንጁን ብናይ መልሱ ያው ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 የተወለደች ልጅ 18 የሚሞላት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ሲሆን ያ ቀን መስከረም 1 ቀን 2018 ነበር። ሁለቱ አቆጣጠሮች ተነጋግረው የተስማሙ ያህል አንድ ቀን ላይ ደረሱ።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ፦ መብት የሚሰጥ ዕድሜ ሲሆን መስከረም 1ን ይያዙ። ለጋብቻ፣ ለመራጭነት፣ ለመታወቂያ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀመጠው 15 ዓመት የመቀጠሪያ ዕድሜም እንዲሁ። በመስከረም 1 ላይ ዕድሜዎ አልሞላም ብሎ የሚከራከር የለም። በጳጉሜን 5 ላይ ግን ይኖራል፣ ክርክሩም ሚዛን ይደፋል። ጋብቻ ለጳጉሜን 5 ከተቆረጠ ሙሽራዋ በሕግ ዓይን አንድ ቀን ጎድሏታል ሊባል ይችላል፤ ለአንዲት ልጅ ይህ ቀን ትንሽ አይደለም፣ ሕጉ የቆመው እሷን ለመጠበቅ ነውና። መስከረም 1 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው፤ ጉዳዩን ለሚቀጥለው የሥራ ቀን ይያዙት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ስሌትም እዚህ አለ። 18 ለ4 ስለማይካፈል፣ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ሁሉ 18 የሚሞላው ያ ቀን በሌለበት ዓመት ነው፤ አንድም ሰው አያመልጥም። 15ም እንደዚያው ነው። 60 ግን ለ4 ይካፈላል። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 1955 የተወለደ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜው 60 የሞላው በራሱ ቀን፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነበር። ችግሩ የሚጠናው ወጣትነት ላይ ነው፤ መመሪያውም በዋናነት የሚያስፈልገው ለ18 ዓመቱ ነው።

በዚህ እርምጃ ላይ የሚሠራ አንድ ከባድ ስህተት በሂጅራ መቁጠር ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። 18 የሂጅራ ዓመታት ከ18 የፀሐይ ዓመታት ከ6 ወር በላይ ቀድመው ያልቃሉ። የከሚሴዋ ልጅ የተወለደችው በሻዕባን መጨረሻ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር፤ አሥራ ስምንተኛው ሻዕባን ያለቀው በየካቲት 2017 ነው። ሽማግሌዎች በዚያ ጊዜ «ሞልቷታል» ቢሉ በሂጅራው ልክ ናቸው፣ ለቀበሌው መዝገብና ለቤተሰብ ሕጉ ግን ገና ከ6 ወር በላይ ይቀራታል። ለሶላትና ለጾም የሚቆጠረውን ዕድሜ ከሕጉ ዕድሜ ለይቶ መያዝ ነው።

ሌሎች አገሮች ፌብሩዋሪ 29 ለተወለዱት ይህንኑ በሕግ ወስነዋል፤ ውሳኔያቸው ግን ተለያይቷል። ሆንግ ኮንግ ዕድሜ የሚሞላው ማርች 1 ነው ስትል፣ የታይዋን ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 121 በወሩ መጨረሻ ቀን፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 28 ላይ ያስቀምጠዋል። መስከረም 1ን መያዝ ወደ ሆንግ ኮንጉ መንገድ ይቀርባል፤ በእኛ አገር ደግሞ ፓስፖርቱ የሚለውም ያንኑ ስለሆነ የተሻለ መሠረት አለው።

5. ውልና የጊዜ ገደብ ሲሆን ወደ ኋላ መቁጠር

መብት ሲሆን መስከረም 1 ካልን፣ ቀነ ገደብ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1848 መሠረት ይርጋ ሲቆጠር የተጀመረበት ቀን አይገባም፣ ጊዜው የሚያልፈውም የመጨረሻው ቀን ሲያልቅ ነው። መደበኛው የውል ይርጋ ደግሞ በአንቀጽ 1845 10 ዓመት ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2007 መከፈል የነበረበት የበሬ ዋጋ ሳይከፈል ቀረ እንበል። ቆጠራው መስከረም 1 ቀን 2008 ይጀምራል፣ አሥረኛው ዓመት 2017 ነው፣ የመጨረሻው ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ነው። ሻጩ «የእኔ ቀን ጳጉሜን 6 ነው፣ እሷ እስክትመጣ 2019 ድረስ ጊዜ አለኝ» ብሎ ቢያስብ መብቱን ያጣል። «መስከረም 1 እሄዳለሁ» ቢልም ቀኑ በዓል ነው፣ ገደቡም ትናንት አልፏል።

ስለዚህ የሚከፍሉት፣ የሚከሱበት ወይም የሚያድሱት ነገር ከሆነ ጳጉሜን 5ን የመጨረሻ አድርገው ከዚያ ቀድመው ይጨርሱ። ጊዜው ፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ላይ የሚሆኑበትም ስለሆነ መዝገብ ቤቱ መቼ እንደሚቀበል ከነሐሴ በፊት ይጠይቁ።

አዲስ ውል ሲጽፉ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ባይኖር ይመረጣል። በከሚሴ ሱቅ የሚከራይ ሰው ጳጉሜን 6 ላይ ቢፈራረም «ለ1 ዓመት» ብሎ አይተው፤ «ከመስከረም 1 ቀን 2016 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ማታ» ብሎ ያስጽፍ። በዚያው አጋጣሚ የጳጉሜን ቀኖች ኪራይ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም የሚለውም በአንድ መስመር ይግባ። አምስት ቀን ሲሆን ዝም የተባለው ስድስት ቀን ሲሆን ጭቅጭቅ ያመጣል።

6. የሚከበረውን ቀን መምረጥና መቁረጥ

ለልደት በዓል ሕግ የለም፤ የሚመቸውን መምረጥ ነው። ቢሆንም አንዴ መርጦ መጽናት ይሻላል፤ ልጅ በየዓመቱ ቀኑ ሲቀየርበት ግራ ይጋባል።

ጳጉሜን 5ን የሚመርጡ ወላጆች ምክንያት አላቸው፤ ልጁ የጳጉሜን ልጅ ሆኖ ይቀራል፣ በዓሉም ከዕንቁጣጣሽ ግርግር ይለያል። ጉዳቱ ያ ቀን የአዲስ ዓመት ዋዜማ ገበያ መሆኑ ነው፤ እናት ዶሮና ሽንኩርት ፍለጋ ስትሮጥ የልጅ ልደት ይረሳል። መስከረም 1 ደግሞ ቤተ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው፣ ውጭ አገር ያሉት አጎትና አክስትም በስልካቸው ላይ ሴፕቴምበር 11ን ስለሚያዩ የሚደውሉት ያን ቀን ነው። ጉዳቱ ልደቱ በበዓሉ ውስጥ መዋጡ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤት ጳጉሜን 5 ከሰዓት በኋላ የተሻለ ይመስላል፤ ልጁ ለብቻው ይታያል። ሰነድ ላይ የሚታየውና የሚከበረው ቀን እንዲገጥምለት የሚፈልግ አዋቂ ግን መስከረም 1ን ቢይዝ ከፓስፖርቱ ጋር ይስማማል። ቀኑ በመጣበት ዓመት ሁለቱንም ትቶ ጳጉሜን 6ን ማክበር ነው።

የኒካሕ ወይም የሠርግ መታሰቢያ ላይ ያው ምርጫ ይሠራል። ሙት ዓመት ሲሆን ግን መስከረም 1ን ማስወገድ ይበጃል፤ ሐዘንተኛው ቤት ለሰደቃም ሆነ ለጸሎት ሰው ሲጠራ ጎረቤቱ በዓል ላይ ነው። ዓመቱ ሳይወጣ ጳጉሜን 5 ወይም ከዚያ በፊት ባለው ምቹ ዕለት ማድረግ ለጠሪውም ለተጠሪውም ይቀላል።

7. ተገላቢጦሹን መፈተሽ፦ የካቲት 21

አንዳንድ ቤተሰብ ይህን መመሪያ «እኛን አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል፣ ቢመለከተውም። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ እንደ 2000፣ 2004፣ 2008፣ 2012 እና 2016፣ የካቲት 21 የተወለደ ልጅ በፓስፖርቱ ላይ ፌብሩዋሪ 29 ይጻፍለታል። እዚህ አገር በየዓመቱ የካቲት 21 አለለት፤ ጉዳዩ የሚጀምረው ድንበር ሲሻገር ነው። ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ አሜሪካ የሄደ ወጣት ልደቱን የሚያገኘው በየ4 ዓመቱ ነው። በሌሎቹ ዓመታት የካቲት 21 የሚውለው ፌብሩዋሪ 28 ላይ ስለሆነ ከአገር ቤት ቤተሰቡ ጋር አብሮ ማክበር የሚፈልግ ፌብሩዋሪ 28ን ይያዝ። በሄደበት አገር ዕድሜው ሞላ የሚባልበትን ቀን ግን የዚያን አገር ሕግ ጠይቆ ይወቅ፤ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ እንደተለያዩት ሌሎቹም ይለያያሉ። አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር እስከ ማርች 1 መጠበቅ ከክርክር ያድነዋል።

እዚህም ላይ ሰነዱን «ለማስተካከል» ብሎ ፌብሩዋሪ 28 ማስጻፍ የሚያመጣው ጣጣ ከላይ በ3ኛው እርምጃ የተነገረው ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 በሐበሻው የካቲት 20 ቀን 2016 ነበር፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ የካቲት 21 እያለ ፓስፖርቱ ሌላ ቀን ይናገራል።

8. ለ2019 አስቀድሞ መዘጋጀት

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት የመውለጃዋ ጊዜ ለዚያ ሰሞን ከተነገራት፣ በጤና ተቋሙ ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች መጻፋቸውን የሚያይ አንድ ሰው አብሯት ይሂድ፦ ዕለቱ፣ ሰዓቱና የሁለቱም አቆጣጠር ቀን። በማግስቱ እሑድ ዕንቁጣጣሽ ስለሆነ ወረቀቱን የሚያርም ሠራተኛ ላይገኝ ይችላል፤ ስህተት ካለ ከክፍሉ ሳይወጡ ይነገር። ለምዝገባ የተሰጠው ዘጠናኛ ቀን ኅዳር 30 ቀን 2020 ዓርብ ላይ ይውላል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ አባት ለዚያ ዕለት ካደረሰው ከጁምዓ ሶላት በፊት ጽሕፈት ቤቱ ይድረስ።